በጆፕ ሱቅ በስልክ ለሚከፍሉ

ሶክና ጆፕ ማስታወቂያውን የጻፈችው ተናዳ ነው፤ ተናዳ እንደጻፈችውም ያስታውቃል። እስክሪብቶው ሁለት ቦታ ካርቶኑን በስቶታል፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ አንድ ቃለ አጋኖ አልበቃ ብሏት ሦስት ደርድራለች። ካርቶኑ የወተት ዱቄት የመጣበት ነው። ከሚዛኑ በላይ፣ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት የክፍያ ኮድ ከተለጠፈበት አጠገብ በአራት ሚስማር መታችው። እንዲህ ይላል፦

በጆፕ ሱቅ በስልክ ለመክፈል
1. የገንዘብ መላኪያውን መተግበሪያ ክፈቱ። ካሜራውን አይደለም!
2. «ስካን» የሚለውን ንኩ።
3. ስልካችሁን እዚህ ከተለጠፈው ኮድ ፊት ያዙ። አታንቀጥቅጡት።
4. «ጆፕ ሱቅ» የሚል ስም መውጣቱን እዩ። ሌላ ስም ከወጣ አትክፈሉ።
5. የዕቃውን ዋጋ ጻፉ።
6. የምስጢር ቁጥራችሁን አስገብታችሁ አረጋግጡ። ቁጥሩን ለማንም አትንገሩ፤ ለእኛም ቢሆን።
7. ገንዘቡ በእኛ ስልክ እስኪደርስ ጠብቁ።
ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ!!!

ይህ ካርቶን የተጻፈው ለደንበኛ ቢሆንም የታሰበው ለማሳምባ ነው። ማሳምባ የሶክና ታናሽ ወንድም ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም፣ አንደበቱም አልተፈታም። ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳ ሲያነብ ከርሟል፤ ቁጥር ላይ ማንም አይቀድመውም፤ ጽሑፍም አያቅተውም። ከሶክና ጋር የሚግባቡት ልጅ ሆነው ራሳቸው በፈጠሩት የእጅ ቋንቋ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ ግን አፉ ሶክና ነበረች። ጠጉር አስተካካዩ ጋ፣ ሐኪሙ ጋ፣ መስጊድ በር ላይ፣ «ምን አለ?» ሲባል የምትመልሰው እሷ ናት።

አሁን ግን ልትሄድ ነው። ባሏ ካዎላክ ከተማ ሥራ ይዞ ሁለት ዓመት ጠብቋታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «የሚቀጥለው ወር» እያለች አታልላዋለች። ባለፈው ስልክ ሲደውል ድምፁ ተለውጦ ነበር። የአባታቸው ሱቅ ደግሞ የአባታቸው አልነበረም፤ ቤቱ የአባታቸው እህት የአክስት ፔንዳ ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ አክስት ፔንዳ ቁልፉን ለሁለቱ ትተውላቸዋል። ሶክና ከሄደች ግን ቁልፉ ማን እጅ ይሆናል? አክስት ፔንዳ በአደባባይ አልተናገሩትም እንጂ ላምን የሚባል ሥራ ፈት አማች አላቸው፤ እሱም በቅርቡ ወደ ሱቁ ብቅ ማለት አብዝቷል፤ መደርደሪያውንም በስንዝር እየለካ ነው።

«አንድ ሳምንት እሰጣችኋለሁ» ብለዋል አክስት ፔንዳ። «ልጁ ብቻውን መሸጥ ከቻለ ሱቁ የሱ ነው። ካልቻለ እኔ በወንድሜ ልጅ ላይ ጨክኜ አይደለም፤ ሰው እየሰረቀው ዝም ብዬ ማየት አልችልም።»

ስለዚህ ማስታወቂያው የማሳምባ አፍ እንዲሆን ተጻፈ። ሰው አንብቦ ይከፍላል፣ ማሳምባ ዕቃውን ያቀብላል፣ ማንም ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። በሐሳብ ደረጃ እንከን አልነበረውም። ችግሩ የቲየስ ከተማ ሰው ማንበብ የሚወድ አለመሆኑ ነው። ማውራት ነው የሚወደው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ካርቶኑ ፊት ለፊት የቆመችው ፀጉር ሠሪ ሴት ከላይ እስከ ታች አየችውና ወደ ሶክና ዞረች።

«እህቴ፣ በስልክ መክፈል ይቻላል?»

«ምን ይላል እዚያ ላይ?»

«እሱማ ብዙ ነገር ይላል። አንቺ ምን ትያለሽ ብዬ ነው።»

ሶክና ነገረቻት። ምን ታድርግ? ከሷ በኋላ የመጣው ተማሪ ደግሞ ካሜራውን ከፍቶ ኮዱን ፎቶ አነሳና ዳቦውን በብብቱ ይዞ ሊወጣ ሲል በኮሌታው ተያዘ። «ወላሂ ከፍያለሁ፤ ይኸው ሥዕሉ» አለ። ሦስተኛው ስልኩን የደቀነው ኮዱ ላይ ሳይሆን ጎን ከተለጠፈው የሾርባ ማጣፈጫ ማስታወቂያ ላይ ነው፤ እሱም ነጠብጣብ ነገር አለው። «ምነው ሽልማት አለዎት ይለኛል?» ብሎ ጠየቀ። ሶክና ማስታወቂያውን በአገሩ ቋንቋ በወሎፍ ስለጻፈችው የመንግሥት ሠራተኞቹ «በፈረንሳይኛ ቢሆን ይገባን ነበር» አሏት፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ «በዓረብ ፊደል ነው የምናነበው» አሏት። በሦስቱም ብትጽፈው «ረዘመ» ይሏታል። ይህን አሳምራ ታውቃለች።

አራተኛው መስመር ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። የጋሪ ነጂው አሳን ንጃይ ስልኩን ደቅኖ «ጆፕ ሱቅ» የሚለው ስም ሲወጣለት እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። የንጃይና የጆፕ ቤተሰቦች ከጥንት ጀምሮ እንደ ዘመድ እየቀለዱ የሚሰዳደቡ ናቸው፤ ያ ስድብ መብት ነው፤ የሚቀየምበት የለም።

«ለጆፕ? እኔ ለጆፕ ገንዘብ ልልክ? ጆፕ የአባቴ ባሪያ አልነበረም እንዴ! እሱ ነው ለኔ መላክ ያለበት!»

«አንተ ንጃይ፣ ሩዝ ስታይ ራስህን የምትስት ሆዳም፣ ስሙን አይተህ ቀጥል!»

«ስሙን ማረጋገጥ አለባችሁ ይላል። አረጋገጥኩ። አልወደድኩትም።»

ከኋላው ስድስት ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ሳቀ። ሶክናም ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን የምትስቅበት ጥርስ አልነበራትም። ንጃይ እየሳቀ ከፈለ፤ ስልኩ «ቲንግ» አለ፤ «ደርሷል፣ ሂድ ከፊቴ» አለችው። ቀጣዩ! ስኳር? መቶ ሃያ። «ቲንግ»። ደርሷል። ቀጣዩ! ሳሙና? ስድሳ። «ቲንግ»። የሱቁ ስልክ ከሚዛኑ ኋላ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ በጮኸ ቁጥር አንድ ሰው ታሰናብታለች። ጠዋቱን የምትሸጠው እሷ ናት፣ ከእኩለ ቀኑ የዙህር ሶላት በኋላ ማሳምባ። ግማሽ በግማሽ እንዲለማመድ እንዲህ ተከፋፍለዋል።

የከሰዓቱ ሽያጭ ሶክናን ሊያሳብዳት ደረሰ። ማሳምባ አይጣደፍም። ደንበኛው ዕቃ ሲጠቁመው ሂሳብ መሥሪያ ማሽኑን ያነሳል፣ ዋጋውን ይመታል፣ ማሽኑን ደንበኛው አፍንጫ ሥር ይደቅናል። ደንበኛው ስልኩ ላይ ይጽፋል። ማሳምባ የሱቁን ስልክ ከሚስማሩ ያወርዳል፣ ያያል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ መልሶ ይሰቅላል። ከዚያ ነው ዕቃው የሚነሳው። ድምፁ ሲጮህ ስለማይሰማ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አውርዶ ማየት፣ መልሶ መስቀል። ሶክና ኋላ ካለው የሩዝ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፤ እግሯ ግን መሬቱን ይደበድባል። አንዳንዴ አላስችል ሲላት ተነስታ «ምን ፈለጋችሁ? ስንት ነው ያልከው? ኸረ በአላህ!» እያለች ትገባበታለች። እሱ ያኔ እጁን አጣጥፎ ይቆምና ያያታል።

በሦስተኛው ቀን ማምሻውን አክስት ፔንዳ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ። የወጣውን ዕቃ አዩ፣ በስልኩና በመሳቢያው የገባውን ጠቅላላ ድምር አዩ። አልገጠመም። ጎድሏል፤ ያውም ትንሽ አይደለም።

«ነግሬሽ ነበር» አሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ሶክናን የበለጠ ያናደዳት እሱ ነው። «ምስኪን ልጅ። አይሰማም። ከፍያለሁ ይሉታል፤ አልደረሰም ሊላቸው አይችል። ሰው ክፉ ነው ልጄ።»

«አክስቴ፣ ማሳምባ ሞኝ አይደለም።»

«ሞኝ ነው አላልኩም። አይሰማም ነው ያልኩት።»

ሶክና አክስቷ ፊት ወንድሟን ተከላከለች፤ የልቧን ብንናገር ግን እሷም ያመነችው ይህንኑ ነው። ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጠዋት እሷ አለች፤ አፍም ጆሮም ያላት፤ እያንዳንዱን «ቲንግ» ቆጥራ የምታሰናብት። ገንዘቡ የሚያመልጠው ከሰዓት መሆን አለበት። አክስቷ ሲሄዱ በእጇ ጮኸችበት። በእጅም ይጮኻል፤ ጣት ሲፈጥንና ሲሰነዘር ጩኸት ነው። *አታይም እንዴ? ሳይከፍሉ እየሄዱ ነው! ሱቁን ላምን ሊወስደው ነው! እኔ እዚህ እስከ መቼ ነው የምቆመው?*

ማሳምባ ክንዷን ይዞ ካርቶኑ ፊት አቆማት። አምስተኛውን መስመር በጣቱ መታ፣ መታ፣ መታ። ከዚያ ያንኑ ጣት ወደ አፏ አመጣና ከንፈሯን ነካ። እንደገና መስመሩን፤ እንደገና አፏን።

*ምን?* አለች። *ዝም በዪ ነው የምትለኝ?*

ራሱን ነቀነቀ። ዝም በዪ ማለቱም ነበር፣ አለማለቱም። እንደገና መስመሩን መታ። ሶክና እጁን ገፋችው። ላለፉት ሃያ ዓመታት በሱ ፈንታ ያልተናገረችበት ቀን የለም፤ ዛሬ ደግሞ ዝም በዪ ትባል? «አፍህ ሆኜ ነው እዚህ የደረስከው» አለች ጮክ ብላ፤ እንደማይሰማት እያወቀች፤ ወይም ስለማይሰማት። ያን ዕለት አብረው አልበሉም። እሷ ለብቻዋ ዓሣና ሩዟን ግድግዳ ፊት ተቀምጣ በላች፤ እሱ ደጅ።

በማግስቱ ጠዋት እሷ ስትሸጥ ስልኩን ከሚስማሩ አውርዶ ፊቷ ሊያመጣው ሞከረ። ሰልፍ ነበር፤ «ቆይ!» ብላ በክንዷ መለሰችው። በአምስተኛው ቀን እንደገና ሞከረ። ያን ቀን አንዲት ሴት «ስሜ ካልወጣ እንዴት ነው የከፈልኩት እኔ መሆኔ የሚታወቀው?» እያለች ሩብ ሰዓት ተከራክራት ስለነበር ሶክና ማንንም ልትሰማ አልቻለችም፤ ወንድሟን ደግሞ ከማንም በላይ አልሰማችውም። ከዚያ ተወው። በቃ፣ የራሱን ከሰዓት ሸጠ።

ቅዳሜ ጠዋት አክስት ፔንዳ ለመጨረሻው ቀን መጡ። ሰማያዊ ሰፊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። ላምንም ተከትሏቸው መጥቶ ደጅ ሞተር ብስክሌት ላይ ተደግፎ ቆመ። «ዛሬ ጠዋቱንም ልጁ ይሽጥ» አሉ። «አንቺ ቁጭ በይ። ላየው ነው የመጣሁት።»

ሶክና የሩዝ ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች። ማሳምባ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሂሳብ መሥሪያውን ፊቱ አድርጎ ቆመ። አንድ ደንበኛ መጣ፣ ሁለተኛም። ማሽኑን ደቀነ፣ ስልኩን አወረደ፣ አየ፣ ሰቀለ። ንጃይም መጣ፤ የዛሬውን ስድብ ግን የሚሰማው ሰው አጥቶ፣ ዝም ብሎ ከፍሎ፣ ትንሽ ከፍቶት ሄደ። ምንም ስህተት አልነበረም። ግን ዘገየ። ሶክና ዓይኗን ከአክስቷ መቁጠሪያ አልነቀለችም፤ የመቁጠሪያው ፍሬ ባለፈ ቁጥር «ይኸው ሰለቻቸው» ትላለች በልቧ። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጣ። አንዱ «ዛሬ ምነው እህትየው?» አለ። ላምን ደጅ ሆኖ ፈገግ ሲል አየችው።

ያኔ እማማ ያንዴ ተራቸው ደረሰ። በሰፈሩ ዓሣ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ ስልካቸውን ልጃቸው ገዝቶላቸው እንደ ልጅ በጨርቅ ጠቅልለው የሚይዙ። ዘይት፣ ሽንኩርትና ሻማ ጠቆሙ። ማሳምባ ሂሳብ መሥሪያውን ሲያነሳ የእማማ ያንዴ ዓይን ግን ወደ ሶክና ሄደ።

«ሶክና ልጄ፣ ስንት ነው?»

ሶክና ብድግ አለች። አምስት ደቂቃ ከምትጠብቅ አንድ ቃል ብትናገር ምን አለበት? «ሦስት መቶ፣ እማማ! ይጻፉ! ሦስት መቶ!» አለች፣ ማሳምባ ማሽኑን ሳይደቅን በፊት። እማማ ያንዴ ስልካቸውን ከጨርቁ ፈቱ፣ ለኮዱ ደቀኑ፣ ስሙን አነበቡ ወይም ያነበቡ መሰሉ፣ ጻፉ፣ የምስጢር ቁጥራቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አስገቡ። «ቲንግ»።

«ደርሷል እማማ፣ ይሂዱ በሰላም!» አለችና ወደ አክስቷ ዞረች። እንዲህ ነው የሚሸጠው ለማለት ያህል።

ማሳምባ ስልኩን አውርዶ አየ። ከዚያ ያደረገውን ነገር ሶክና በሕልሟም አላሰበችውም። በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ ዘለለ፤ አንድ የቲማቲም ቆርቆሮ ወደቀ፤ በሩ ላይ ደርሶ እማማ ያንዴ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ያ አላህ!» አሉ አክስት ፔንዳ ከአግዳሚው እየተነሱ። «አሮጊት ሊመታ ነው!»

«እኔን ነው?» አሉ እማማ ያንዴ። «እኔን ሌባ ብሎ ነው? እናቱን ጡት ያስጣልኳት እኔን?»

ደጅ ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ተጠጋ። ላምን አንገቱን አስግጎ ገባ። ሶክና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። አለቀ፤ ሁለት ዓመት፣ ካዎላክ፣ ባሏ፣ ሱቁ፣ ሁሉም በአንድ ዝላይ አለቀ። «ልቀቃቸው!» ብላ ጮኸች፤ በእጇም፣ በአፏም። «ልቀቃቸው፣ ከፍለዋል! ሰምቻለሁ!»

ማሳምባ አልለቀቀም። ግን እማማ ያንዴንም አልነካም። የሱቁን ስልክ ከፍ አድርጎ ያዘና መጀመሪያ ለአክስቱ፣ ቀጥሎ ለሶክና አሳየ። በስክሪኑ ላይ የመጣው መልእክት እንዲህ ይላል፦ ከያንዴ ሳር፣ 300 ፍራንክ።

ሶክና አየችው። ሦስት መቶ ነው ያለችው፤ ሦስት መቶ ነው የደረሰው። «ታዲያ ምኑ ነው?» ልትል አፏን ከፈተችና እዚያው ቀረች።

በአፍ ሲሆን ገንዘብ የሚቆጠረው በደረም ነው። አንድ ደረም አምስት ፍራንክ ነው፤ ወረቀት ላይ አምስት መቶ ተብሎ የሚጻፈው በአንደበት መቶ ነው። ይህን ማንም አያስተምርም፤ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው። ሦስት መቶ ያለችው ሶክና አንድ ሺህ አምስት መቶ ፍራንክ ማለቷ ነበር። በሳንቲምና በወረቀት ሲከፈል ማንም አይሳሳትም፤ እጅ የትኛውን ወረቀት እንደሚያወጣ ያውቃል። ስልኩ ግን የሚያውቀው ፍራንክ ብቻ ነው። የተማረው በልቡ በአምስት አባዝቶ ይጽፋል። ሌላው የሰማውን ይጽፋል።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ እማማ ያንዴ፣ አሁን ሊያለቅሱ ደርሰው። «ሦስት መቶ አለችኝ፤ ሦስት መቶ ጻፍኩ። ሁሌም የምትለኝን ነው የምጽፈው። ይኸ ዕቃ ወሎፍ አይችልም እንዴ?»

ሁሌም። ሶክና ያቺን ቃል ሰማቻት። አክስት ፔንዳም ሰሟት።

«ስጠኝ» አሉና ስልኩን ከማሳምባ እጅ ወሰዱ። መነጽራቸውን ከደረታቸው አውጥተው አደረጉ። የደረሱትን መልእክቶች በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ እየገፉ ከሰኞ ጀምሮ ጮክ ብለው አነበቡ፤ ሰዓቱን ከነገንዘቡ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ መቶ ሃያ። ጠዋት ሦስት ተኩል፣ ስድሳ። ስድሳ ፍራንክ! በስድሳ ፍራንክ ሳሙና የትኛው አገር ነው የሚሸጠው? አምስት ሰዓት፣ መቶ።» አቆሙና ገፉ። «ከሰዓት ስምንት፣ ስድስት መቶ። ስምንት ተኩል፣ ሦስት መቶ። አሥር ሰዓት፣ አምስት መቶ።» ማክሰኞን አነበቡ። ረቡዕን አነበቡ። ሐሙስን አነበቡ። በየቀኑ ከዙህር በፊት ያለው የተቆራረጠ ነበር፤ ሁሉም አይደለም፤ ግን ብዙው። ከዙህር በኋላ ያለው ሙሉ።

ሶክና የት እንደምታይ ጠፋት። ካርቶኑን አየች። አምስተኛው መስመር፦ የዕቃውን ዋጋ ጻፉ። ማሳምባ በማሽን በፍራንክ ያሳያቸውን ሲጽፉ ልክ ነው፤ ከአፏ የሰሙትን ሲጽፉ ግን ጎደሎ። እሱ ይህንን ነበር በጣቱ ሲመታ የሰነበተው፤ መስመሩን፣ ከዚያ ከንፈሯን። ሳይቸገር፣ ሳያሽሞነሙን፣ በግልጽ ነግሯታል። ሊያሳያትም ስልኩን ሁለቴ አምጥቶላታል። እሷ ቲንግ ሲል ሰምታ ሰው ስታሰናብት እሱ ቁጥሩን ያይ ነበር። ንዴቷ የሚሄድበት ቦታ አጣ። ለደንበኛው ይሂድ ቢባል ደንበኛው ያዘዘችውን ነው የጻፈው። ለወንድሟ ይሂድ ቢባል ልክ የነበረው እሱ ነው።

እማማ ያንዴ የቀረውን ጨመሩ፤ አሁን ማሳምባ በማሽኑ ላይ መትቶ አሳያቸው፣ እሳቸውም አንድ በአንድ እያዩ ጻፉ። ስልኩን አየና አንገቱን ነቀነቀ። ዘይታቸውን ራሱ እስከ በሩ ተሸከመላቸው። እሳቸውም ጉንጩን ነካ አድርገው «ጡት ያስጣልኳት ልጅ፣ ይህን ወለደች» እያሉ ሄዱ፤ ማን ሊሰማቸው እንደሆነ እንጃ።

አክስት ፔንዳ መነጽራቸውን አጣጠፉ። ደጅ የቆመውን አማቻቸውን አዩትና «ላምን፣ ወደ ቤትህ» አሉት። ከዚያ ወደ ሶክና ዞሩ።

«ካዎላክ የምትሄጂው መቼ ነው ያልሽኝ?»

«በወሩ መጨረሻ፣ አክስቴ።»

«ይዘገያል» አሉ። «ሰኞ ሂጂ።»

ይህን ብለው እሳቸው ዘንድ የቀረውን ትርፍ ቁልፍ ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው በማሳምባ መዳፍ ላይ አኖሩት፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፉለት። እሱ ለአክስቱ ጎንበስ አለ። ሲመለስ ወፍራሙን እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጣና ካርቶኑ ፊት ቆመ። አምስተኛው መስመር ጎን ባለው ክፍት ቦታ፣ ሳይቸኩል፣ እያንዳንዱን ፊደል እየለየ ጻፈ፦ *ማሽኑ ላይ የሚታየውን ብቻ። በአፍ የተነገረ ዋጋ አይሠራም።* ወደ እህቱ አላየም። ሊያስቀይማት አልነበረም፤ ማስታወቂያ ማስተካከሉ ነው። ሥራውን ይዞ ነበር።

ሶክና ግን አነበበችው። ከሁሉ የመጀመሪያዋ አንባቢ እሷ ሆነች። ሁለት ዓመት ባሏን ያስጠበቀችው፣ ሃያ ዓመት «እኔ ከሌለሁ ምን ይሆናል» ያለችው፣ ይህ ሁሉ እዚያ ላይ በአንድ መስመር ተጽፏል። ወንድሟ እሷ ከሌለች አይጎድልበትም። የጎደለው እሷ ስላለች ነው።

አንዲት ወጣት ልጇን አዝላ ገባች። ማሳምባን አለፈችና ፊት ለፊቷ ያለችውን ሶክናን ጠየቀች።

«እህቴ፣ ስኳር ስንት ነው?»

ሶክና ዋጋውን ታውቀዋለች። ምላሷ ላይ ደርሷል፤ ከማንም ቀድሞ የሚደርስ ምላስ ነው። ከንፈሯን ገጠመችና በእጇ ወደ ወንድሟ አመለከተች። ሴትየዋ ወደ እሱ ዞረች፤ እሱም ማሽኑን አነሳ። ሶክና ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ለዚህ ነበር ያ ሁሉ። እሷ ግን ሰው እንዳያያት ወደ ሩዝ ማዳበሪያው ዞራ አለቀሰች።